የሽቶ ጠርሙስ ሬንደር፦ ባዕድ ዕቃ፣ የተጣመመ ጠርዝና ዋተርማርክ በኔጋቲቭ ፕሮምፕት አልጠፋ አለኝ

ነጭ ገጽ

ሰላም ለሁላችሁ። ለካታሎግ የሚሆን የአንድ ሽቶ ጠርሙስ ምስል ስሠራ ሦስት ቀን አለፈኝ። ጠርሙሱን በብሌንደር ቀርጬዋለሁ፤ ልኩም ቅርጹም ትክክል ነው። ብርጭቆው ግን ደረቅ ሆነብኝ። ስለዚህ ሬንደሩን ኤስዲኤክስኤል ወደተባለው ምስል ፈጣሪ ሞዴል አስገብቼ ጭጋጋማ ብርጭቆ እንዲያስመስልልኝ ከምስል ወደ ምስል እያስኬድኩ ነው። መጠኑ 1024 በ1024፣ እርምጃው 30፣ ለፕሮምፕቱ የሚታዘዝበት `CFG Scale` 6፣ መነሻውን ምስል የሚለውጥበት `Denoising strength` 0.65 ነው።

ብርጭቆው በጣም አምሯል። ችግሩ ሌላው ነው። ከጠርሙሱ አጠገብ ያላዘዝኩት ፎጣ፣ ጠጠር ወይም ቅጠል ይመጣል። የክዳኑ ጠርዝ ሙቀት እንደነካው ሰም ይጣመማል። በቀኝ በኩል ታች ደግሞ የማይነበብ የደበዘዘ ጽሑፍ ይታያል። ፕሮምፕቶቼ እነዚህ ናቸው፦

```
product photo of a frosted glass perfume bottle,
spa mood, no watermark, white background
```

እንዳይመጣ የምፈልገውን የምጽፍበት ኔጋቲቩ ደግሞ፦

```
worst quality, bad anatomy, extra fingers, ugly, blurry,
text, logo, shadow, watermark, warped edges, no extra objects
```

ኔጋቲቩን ባስረዘምኩ ቁጥር ምስሉ ይለወጣል፤ ጥፋቱ ግን አይቀንስም። እንዲያውም ጠርሙሱ አየር ላይ የተንሳፈፈ መምሰል ጀመረ፣ በላዩ ያለው የሽቶው ስምም ተጨማለቀ። ምን እያጠፋሁ ነው?

ፈጣን ብሩሽ

ሰላም እህቴ። ይህ ቀላል ነው፤ `CFG Scale` 6 ለኔጋቲቭ ፕሮምፕት አነስተኛ ነው። ወደ 13 ወይም 14 ከፍ አድርጊው። የኔጋቲቩ ጉልበት የሚመጣው ከዚያ ቁጥር ነው። እኔ ከፍ ሳደርገው ዋተርማርኩ ወዲያው ጠፍቶልኛል።

ማዕዘን

ፈጣን ብሩሽ ግማሹን ትክክል ብሏል። ኔጋቲቩ የሚገፋው በዚያ ቁጥር ልክ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ኔጋቲቩን ብቻ አያጎላም፤ ሁሉንም አንድ ላይ ያጎላል። በ14 ላይ ነጩ ዳራ ይቃጠላል፣ ጭጋጋማው ብርጭቆ ጠንካራ ፕላስቲክ ይመስላል፣ ጠርዞች ላይም ጥቁር መስመር ይወጣል። ለሽቶ ጠርሙስ ይህ ከዋተርማርኩ የባሰ ጉዳት ነው። አንድን ቃል ብቻ ማጠንከር ከተፈለገ ለዚያ ቃል ብቻ ክብደት መስጠት ይሻላል፤ `(watermark:1.3)` ብሎ እንደመጻፍ።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልመለስ፣ ነጭ ገጽ። ሞዴሉ በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ግምት ይሠራል፤ አንዱን የምትፈልጊውን ጽሑፍ አንብቦ፣ ሌላውን ኔጋቲቩን አንብቦ። ከዚያ ከሁለተኛው እየራቀ ወደ መጀመሪያው ይሄዳል፦

```
result = neg + cfg * (pos - neg)
```

ከዚህ የሚከተለውን ልብ በይ። ኔጋቲቭ ሳጥን ውስጥ የገባ ቃል ሞዴሉ ሥዕሉን የሚያውቀው ነገር መሆን አለበት። «ፎጣ» ሲባል ፎጣ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ስለዚህ ከፎጣ መራቅ ይችላል። `extra objects` ግን ምን ይመስላል? መልክ የለውም። ያንቺን ጠርሙስ ከሌላው ዕቃ ለይቶ «ይህ ትርፍ ነው» የሚል ዳኝነት ሞዴሉ የለውም። በዚያ ላይ `no` ጨምረሽበታል። የኤስዲኤክስኤል ጽሑፍ አንባቢ አፍራሽ ቃልን በጣም ደካማ አድርጎ ነው የሚረዳው፤ `no watermark` ሲባል ጎልቶ የሚሰማው `watermark` የሚለው ነው። አንቺ ደግሞ ያንን የጻፍሽው በሚፈለገው ሳጥን ውስጥ ነው። በአንድ እጅሽ እየጠራሽው በሌላው ታባርሪዋለሽ ማለት ነው።

ፎጣውንና ጠጠሩን የጠራቸው ደግሞ `spa mood` ነው። ሞዴሉ በዚህ ስም የተማራቸው ፎቶዎች በተጠቀለለ ፎጣ፣ በለስላሳ ጠጠርና በአረንጓዴ ቅጠል የተሞሉ ናቸው። እንግዳ ዕቃ ሲመጣ ኔጋቲቩን ከማስረዘም በፊት «ከቃሎቼ የትኛው ጠራው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል። የፈለግሽው ለስላሳ ብርሃን ከሆነ `soft diffused light` ብለሽ ብርሃኑን ራሱን ግለጪው።

አየር ላይ መንሳፈፉ `shadow` ብለሽ በመከልከልሽ ሊመጣ ይችላል። ጠርሙሱ ነጩ ወለል ላይ መቀመጡን ለዓይን የሚነግረው ከሥሩ ያለችው ቀጭን ጥላ ናት፤ እርሷን ከከለከልሽ የሚይዘው ነገር የለም። የሽቶው ስም የተጨማለቀውም በተመሳሳይ ምክንያት ይመስለኛል። `text` እና `logo` ስትይ ሞዴሉ የማዕዘኑን ጽሑፍና የጠርሙሱን ጽሑፍ ለይቶ አያይም። ኔጋቲቩ መላውን ምስል ነው የሚገፋው። የራሱ የዕቃው አካል የሆነን ነገር ስም ኔጋቲቭ ውስጥ መጻፍ ዕቃውን ራሱን መግፋት ነው። የጣትና የሰውነት ቃላቱ ለሰው ምስል የተጻፉ ናቸው፤ እዚህ የሚያደርጉት ነገር ካለ ምስሉን ሳታስቢው ወደ ሌላ አቅጣጫ ማዞር ብቻ ነው።

እንዲህ አድርጊ። ምስሉ የሚነሣበትን የዕድል ቁጥር፣ ሲዱን፣ ስምንት ምረጪና ቁጥራቸውን ያዢ። መጀመሪያ ኔጋቲቩን ባዶ አድርገሽ ስምንቱንም አውጪ፤ በእያንዳንዱ ላይ ምን ባዕድ ነገር እንዳለ በወረቀት መዝግቢ። ከዚያ በዓይንሽ ያየሽውን ብቻ፣ በስሙ፣ አንድ በአንድ እየጨመርሽ በእነዚያው ስምንት ሲዶች መልሰሽ ሞክሪ። ሲዱ እየተቀያየረ የሚደረግ ንጽጽር ምንም አያስተምርም፤ ምስሉ የተለወጠው በቃሉ ይሁን በዕድል መለየት አይቻልም።

የብርጭቆ ሰው

ይቅርታ፣ እኔም ከዚሁ ጋር የሚቀራረብ ችግር አለብኝ። በአራት እርምጃ የሚጨርስ ፈጣን ሞዴል ነው የምጠቀመው። የማቀርበው የሻይ ብርጭቆ ነው። ኔጋቲቭ ሳጥን ውስጥ `spoon` ብዬ ብጽፍ፣ ክብደቱን 2 ባደርገው፣ ሳጥኑን ጨርሶ ባዶ ብተወው ምስሉ ፒክስል በፒክስል ያው ነው። ማንኪያው እዚያው ተቀምጧል። ፕሮግራሙ ተበላሽቶ ይሆን ብዬ ሁለት ጊዜ አጥፍቼ ጫንኩት።

ማዕዘን

ፕሮግራሙ ደኅና ነው። `CFG Scale` ስንት ላይ ነው? ፈጣን ሞዴሎች አብዛኛውን ጊዜ በ1 እንዲሠሩ ተደርገው የሠለጠኑ ናቸው። ከላይ ባለው ቀመር ውስጥ 1ን አስገባው፦ ኔጋቲቩ ከራሱ ጋር ተቀናንሶ ይጠፋና ውጤቱ የሚፈለገው ግምት ብቻ ይሆናል። ሳጥኑ ስክሪኑ ላይ ስላለ ይሠራል ማለት አይደለም። ምስሉ ፒክስል በፒክስል አንድ ከሆነ ኔጋቲቩ ከነጭራሹ አልተነበበም ማለት ነው፤ ጥሩ መፈተሻ ነው፣ ሳታውቀው ትክክለኛውን ሙከራ አድርገሃል።

የብርጭቆ ሰው

አዎ፣ 1 ላይ ነው። ወደ 6 ሳደርገው ግን ምስሉ እንደ ተቃጠለ ፎቶ ሆነ።

ማዕዘን

ይጠበቃል፤ ያ ሞዴል ለዚያ ቁጥር አልተሠራም። 1.5 ወይም 2 ሞክርና የሚሸከመውን እይ፤ ጊዜው ግን በግምት እጥፍ ይሆናል፣ ምክንያቱም በእያንዳንዱ እርምጃ ሁለት ግምት መሥራት ይጀምራል። ካልተሸከመ ማንኪያውን በማስክ አጥፋው። የምታርመው ቦታ ላይ ስትደርስ «ማንኪያ አጥፋ» አትበለው፤ በቦታው መኖር ያለበትን ጻፍለት፣ `empty white table surface` ብለህ። በሚፈለገው ሳጥን ውስጥ የተጻፈ ነገር በ1 ላይም ይሠራል።

ማለዳ

ሰላም ወንድሞቼና እህቶቼ። ርዕሱን ሳይ ደስ አለኝ። እኔ ከፎቶ ሻጭ ድረ ገጽ ያወረድኩት የጠርሙስ ፎቶ አለኝ፤ መሐሉ ላይ የድርጅቱ ዋተርማርክ አለ። ኔጋቲቭ ላይ `watermark` ብዬ በ`Denoising strength` 0.3 ባሳልፈው ይነሣልኛል ማለት ነው?

ሽቦ

ማለዳ፣ ይህ ሌላ ጉዳይ ነው። እዚህ የሚወራው ሞዴሉ ከራሱ ስለሚፈጥረው የውሸት ምልክት ነው። ሞዴሎቹ ከኢንተርኔት በተሰበሰቡ ምስሎች ሠልጥነዋል፤ ከእነዚያ ውስጥ አንዳንዶቹ የሽያጭ ናሙና ስለሆኑ ምልክት ነበረባቸው። ስለዚህ ሞዴሉ «ነጭ ዳራ ላይ ያለ ዕቃ» ሲባል ምልክቱንም የፎቶው አካል አድርጎ ሊያመጣው ይችላል። የማይነበበውም የማንም ስላልሆነ ነው። ያንተ ፎቶ ላይ ያለው ግን የባለቤቱ ነው፤ ፎቶውን ከወደድከው ፈቃዱን ግዛ። ስለ አሠራሩ ብቻ ከጠየቅክም፣ በ0.3 ላይ መነሻው ምስል ስለሚያይል ኔጋቲቩ አያነሣውም።

ማለዳ

ገባኝ፤ አመሰግናለሁ። እንግዲያው የራሴን ፎቶ አነሣለሁ።

ሽቦ

ነጭ ገጽ፣ ስለ ክዳኑ ጠርዝ ማንም አልመለሰልሽም። እኔ ሥራዬ ሦስት አቅጣጫ ቅርጽ ስለሆነ ይህ ጉዳይ ያንገበግበኛል። ልኩን በሚሊሜትር አስተካክለሽ የሠራሽውን ክዳን ሞዴሉ በአንድ ደቂቃ ያበላሽብሻል።

`warped edges` ኔጋቲቭ ውስጥ መጻፍ ብዙ አይረዳም። ፎቶ ሲለጠፍ ከሥሩ «ጠርዙ የተጣመመ ጠርሙስ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም፤ ስለዚህ ሞዴሉ ይህን ቃል ከመልኩ ጋር አገናኝቶ የተማረበት ዕድል ጠባብ ነው። ከዚህም በላይ መጣመሙ የቃል ስህተት አይደለም። ሞዴሉ የሚሥለው በሙሉው ምስል ላይ ሳይሆን ስምንት እጥፍ በተጨመቀ ላይ ነው፤ ያንቺ 1024 ፒክስል ለእርሱ 128 ሕዋስ ነው። የክዳንሽ ከንፈር ውፍረት ስንት ፒክስል ነው?

ነጭ ገጽ

አጉልቼ ቆጠርኩት፤ ስድስት ነው።

ሽቦ

ያ ከአንድ ሕዋስ ያንሳል። ከአንድ ሕዋስ ያነሰን መስመር ቀጥ አድርጎ ለመያዝ የትኛውም ኔጋቲቭ ቃል አቅም የለውም። ሁለት ነገር አድርጊ።

አንደኛው፣ ቅርጹን ከቃል ውጭ አስይዥው። ኮንትሮልኔት ሞዴሉን ከሌላ ምስል በወጣ ቅርጽ ያስረዋል፤ የጠርዝ መስመር ከሚያወጣው ካኒ ጋር ተጠቀሚበት። መስመሩን የሚያወጣው ከራስሽ ንጹሕ ሬንደር ስለሆነ ከፎቶ እንደሚወጣው የተዝረከረከ አይሆንም። ክብደቱን ከ0.7 እስከ 0.8 አድርጊው። እኔ ከካኒ ይልቅ የጥልቀት ካርታ እመርጣለሁ፤ ብሌንደር ራሱ ያወጣልሻል። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፦ የብሌንደር ጥልቀት ቅርቡን ትንሽ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ኮንትሮልኔት ግን ቅርቡን ነጭ ሆኖ ይጠብቃል፤ ስለዚህ ከ0 እስከ 1 አመጣጥነሽ ገልብጪው። ሳትገለብጪ ከሰጠሽው ጠርሙሱ ወለሉ ውስጥ የተቀረጸ ጉድጓድ መስሎ ይወጣል።

ሁለተኛው፣ ምስሉ ካለቀ በኋላ ክዳኑን ብቻ ማስክ አድርጊና `Only masked` በሚለው አሠሪው። ያን ጊዜ ቁራጩን ለይቶ ያሳድገውና ሠርቶ ወደ ቦታው ይመልሰዋል። 256 ፒክስል የሚሆነው ቦታ ወደ 1024 ሲያድግ የስድስት ፒክስሉ ከንፈር 24 ይሆናል፤ ሦስት ሕዋስ ማለት ነው። ለማስኩ ዙሪያ በሚጨመረው ቦታ ምክንያት ትንሽ ይቀንሳል፣ ግን ይበቃል። `Denoising strength`ን 0.3 ላይ ያዢው።

ፈጣን ብሩሽ

ለምን ይህን ሁሉ ድካም? `Denoising strength` ወደ 0.35 ቢወርድ ጠርዙም አይጣመምም፣ ፎጣውም አይመጣም።

ሽቦ

እውነት ነው፤ አይመጣም። ነገር ግን በ0.35 ላይ ብርጭቆው ያው ደረቁ የብሌንደር ብርጭቆ ሆኖ ይቀራል፤ እርሷ ይህን ሁሉ የጀመረችው እርሱን ለመለወጥ ነው። ቅርጹን በኮንትሮልኔት ካሰርሽው ጥንካሬውን ከፍ አድርገሽ ብርጭቆውን መለወጥ ትችያለሽ።

ነጭ ገጽ

ሁለት ቀን ሠርቼ ተመለስኩ። ጋሽ ማዕዘን እንዳሉት ስምንት ሲድ ይዤ በባዶ ኔጋቲቭ ጀመርኩ፤ የሚፈለገውን ፕሮምፕት ሳልነካ። በስድስቱ ላይ ፎጣ ወይም ጠጠር ነበረ፣ በአራቱ ቅጠል፣ በሦስቱ የማዕዘን ጽሑፍ። ከዚያ ከሚፈለገው ሳጥን `spa mood` እና `no watermark` የሚሉትን ብቻ አወጣሁ፤ ኔጋቲቩ አሁንም ባዶ ነው። ፎጣና ጠጠር ከስምንቱም ጠፋ! ቅጠል በአንዱ፣ ጽሑፍ በአንዱ ቀረ። አንድም ኔጋቲቭ ቃል ሳልጽፍ አብዛኛው መሄዱን ሳይ ሦስት ቀን ሙሉ የደከምኩት ድካም አሳዘነኝ።

ለቀሪዎቹ የጻፍኩት ኔጋቲቭ ይህ ብቻ ነው፦

```
leaf, watermark, signature
```

ቅጠሉ ጠፋ። ጽሑፉ በአንድ ሲድ ላይ እንደ ጥላ ቀርቶ ነበር፤ `(watermark:1.3)` ሳደርገው ለቀቀ። 1.6 ስሞክር ግን ዳራው ወደ ግራጫ ሄደ፣ ስለዚህ 1.3 ላይ ቆምኩ። የሽቶውን ስም በተመለከተ ከሞዴሉ ጋር መታገል ትቻለሁ። ጠርሙሱን ያለ ጽሑፍ አሠርቼ ስሙን ከብሌንደር ለብቻው አውጥቼ በላዩ አስቀመጥኩት፤ አሁን አንድም ፊደል አልተጣመመም። ክዳኑንም እንደ ሽቦ ምክር አስተካክዬዋለሁ። የጥልቀት ካርታውን መገልበጥ ረስቼ የመጀመሪያው ምስል ልክ እንደተባለው ጉድጓድ ሆኖ ወጣ።

ማዕዘን

በርቺ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፤ ከሚፈለገው ሳጥን ቃል ማውጣት ለማይችል ሰው። ደንበኛው «ከስፓ ስሜት ጋር» ብሎ ካዘዘ ቃሉ አይወጣም። እንዲህ ባለ ጊዜ ኔጋቲቩን ከመጀመሪያው እርምጃ ሳይሆን ትንሽ ቆይቶ እንዲጀምር ማድረግ እወዳለሁ፤ `[towel:0.2]` ተብሎ ሲጻፍ ከ30 እርምጃ ስድስቱ ካለፉ በኋላ ይገባል። በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ፎጣው ገና አልተሣለም፤ ያልመጣን ነገር መግፋት የምስሉን አቀማመጥ ያዛባል። ጅምሩ ከታየ በኋላ ስትገፊው ግን ፎጣው ብቻ ይሄዳል።

ሽቦ

በዚህ አልስማማም፣ ጋሼ። ከባዶ ለሚፈጠር ምስል ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ከምስል ወደ ምስል ሲሆን ግን የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ቀድሞውኑ ተዘልለዋል፤ በ0.65 ጥንካሬ ሞዴሉ የሚጀምረው ከመሐል ነው። በዚያ ላይ ተጨማሪ 0.2 ብዘገይ ፎጣው ሥር ይሰድብኛል። ሞክሬው ግማሽ ፎጣ ቀርቶብኝ ያውቃል፤ የጨርቁ እጥፋት ያለው ነጭ ወለል።

ማዕዘን

ግማሽ ፎጣ እኔም አይቻለሁ፤ እኔ ግን ያየሁት 0.4 ላይ ነው። ለነጭ ገጽ ሁኔታ የትኛው እንደሚሻል በሁለቱም መንገድ በተመሳሳይ ሲድ ካልታየ መፍረድ አልችልም።

ነጭ ገጽ

እሞክረዋለሁ። አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በጠርሙሱ ትከሻ ላይ የመስኮት ነጸብራቅ አለ፤ አራት መስታወት ያለው መስኮት። በካታሎጉ ውስጥ ያሉት ሌሎች ጠርሙሶች መስኮት የለባቸውም። `reflection` ብዬ ስከለክለው መስኮቱ ይጠፋል፤ ግን ብርጭቆው ፕላስቲክ ይሆናል።

ማዕዘን

ነጸብራቅ የብርጭቆው አካል ነው፤ እንደ ጥላው ነው። `window` በይው።

ነጭ ገጽ

በስምንቱ ሲዶች ሞከርኩት። በአምስቱ መስኮቱ ጠፍቶ ብርጭቆው እንዳማረ ቀርቷል። በሦስቱ ግን የመስኮቱ ማዕቀፍ መስቀለኛ መስመር ብቻውን ቀርቷል፤ መስኮት አይመስልም፣ ስንጥቅ ነው የሚመስለው። ክብደቱን 1.4 ሳደርገው አልተለወጠም። የሦስቱን ሲድ ቁጥር ይዤአለሁ፤ መነሻው ሬንደር ላይ በዚያ ቦታ ያለው የብሌንደር መብራት ነጸብራቅ አራት ማዕዘን መሆኑን አሁን ነው ያስተዋልኩት።

ሽቦ

እንግዲያው መስኮቱን የጠራው ያ አራት ማዕዘን መብራት ነው። ብሌንደር ውስጥ መብራቱን ወደ ክብ ለውጪና ሬንደሩን እንደገና አውጪው፤ በእነዚያው ሦስት ሲዶች፣ ኔጋቲቩን ሳትነኪ።